ስፖርት በጀመርሽ ሰሞን ሚዛኑ የሚቆጥረው ውሃ ነው

ጥያቄ፦ «29 ዓመቴ ነው፣ ጅማ ነው የምኖረው። ስፖርት ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ማታ ጂም እሠራለሁ፤ እሁድ ጠዋት ከጓደኞቼ ጋር የጅሬንን ዳገት እንወጣለን። እራት ላይ እንጀራ ትቻለሁ። የጀመርኩ ዕለት ጠዋት 74.2 ኪሎ ነበርኩ። ዓርብ ማታ መንገድ ላይ ስመዘን 76 አለኝ። ጅሬን በወጣን በሁለተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት ቤት ውስጥ 75.6 ሆንኩ። በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት 73.4 ሳይ በጣም ደስ አለኝ። እሁድ ጅሬንን ትቼ ሰርግ ሄድኩ፤ ሰኞ ጠዋት 75.3! ትናንት ሐሙስ ጠዋት ደግሞ 74.8። አሰልጣኙ ስቡ ወደ ጡንቻ እየተቀየረ ነው ይለኛል። አሁን ውሃ መጠጣት ቀንሻለሁ፣ ጂም ስገባም ሆዴን በፌስታል እጠቀልላለሁ። እግሬ ሲታሰር ዲክሎፌናክ እወስዳለሁ። እየወፈርኩ ነው እንዴ? ላቁመው?»

ምላሽ፦

በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ መወፈርሽን የሚያሳይ ነገር የለም። ስፖርቱን አታቁሚ። ማቆም ያለብሽ ፌስታሉን፣ ውሃ መቀነሱንና ዲክሎፌናኩን ነው። ለምን እንደሆነ የራስሽን ቁጥሮች ይዘን እንሂድ፤ ቀን እየለየሽ መጻፍሽ በጣም ረድቶኛል።

መጀመሪያ ያስደነገጠሽን እንየው። ከቅዳሜ ጠዋት እስከ ሰኞ ጠዋት 1.9 ኪሎ ጨምረሻል። ይህ ስብ ቢሆን ኖሮ ምን ያህል መብላት ነበረብሽ? አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። 1.9 ኪሎ ማለት ከ14,000 ካሎሪ በላይ ነው። አንድ ሊትር የምግብ ዘይት ከ8,000 ካሎሪ ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ በሁለት ቀን ውስጥ፣ ሰውነትሽ ለራሱ ከሚያስፈልገው ምግብ በላይ፣ አንድ ሊትር ከሦስት ሩብ ያህል ዘይት መጠጣት ነበረብሽ ማለት ነው። ሰርጉ የቱንም ያህል ቢደገስ ይህን አላደረግሽም። በሁለት ቀን ውስጥ እንዲህ የሚወጣና የሚወርድ ነገር ውሃ ነው፤ ከሱ ቀጥሎ ደግሞ ገና ሆድሽ ውስጥ ያለ ምግብ።

ሁለተኛ፣ የዓርብ ማታውን 76 ከነጭራሹ ሰርዢው። የመንገድ ዳር ሚዛን ላይ ከነልብስሽና ከነጫማሽ ነው የቆምሽው። የጅማ ዝናብ ደግሞ ጫማ ላይ የሚያስቀረውን ጭቃ ታውቂዋለሽ። ቀኑን ሙሉ የበላሽውና የጠጣሽው አብሮሽ ተመዝኗል። ሚዛኑ የተቀመጠበት አስፋልት ወይም ኮብልስቶንም ደልዳላ አይደለም፤ ሚዛን ዘመም ካለ ቁጥሩ ይሳሳታል። ሚዛኑን ይዘው የሚቀመጡት ልጆች ላይ አይፈረድም። ጠዋት በባዶ ሆድ ቤት የተመዘንሽውን ማታ መንገድ ላይ ከተመዘንሽው ጋር ማወዳደር ግን የሁለት ሰው ክብደት እንደማወዳደር ነው።

አሁን ወደ ማክሰኞው 75.6 እንምጣ። እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፤ ጀማሪ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው።

ጅሬን ስትወጪ የሚያለከልክሽ ዳገቱ ነው። እግርሽን የሚያስረው ግን ቁልቁለቱ ነው። ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወደ ከተማ ስትወርጂ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ የጭንሽ የፊት ጡንቻ ክብደትሽን ተሸክሞ እየተለጠጠ ፍሬን ይይዛል። ጡንቻ ሲኮማተር ሳይሆን ተጭኖ ሲለጠጥ ነው የበለጠ የሚጎዳው። ጉዳቱ በዓይን የማይታይ፣ ጥቃቅን የሆነ መሰነጣጠቅ ነው። ሰውነት ያንን ቦታ ሊጠግን ሲነሳ ደም ወደዚያ ይልካል፣ ከደሙም ፈሳሽ ወደ ጡንቻው ይገባል። ቁርጭምጭሚትሽ ሲዞር የሚያብጠው በዚሁ መንገድ ነው። ልዩነቱ፣ ያኛው አንድ ቦታ ላይ ስለሆነ ይታያል፤ ይኼኛው በሁለቱም ጭኖችና በመቀመጫሽ ተሰራጭቶ ስለሚቀመጥ ሱሪሽ ትንሽ ከመጥበቁ በቀር ምንም አታዪም። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይብሳል። እሁድ ጠዋት ወርደሽ ማክሰኞ ጠዋት ስትመዘኚ ልክ በመሐሉ ነሽ። ያን ቀን ደረጃ ስትወርጂ ግድግዳ ይዘሽ ከነበረ፣ ሚዛኑ ላይ የጨመረው የት እንዳለ በእጅሽ ነክተሽዋል ማለት ነው።

ከዚህ ጋር ሌሎች ሁለት ነገሮች አብረው ይሄዳሉ። አንደኛው የጡንቻ ስንቅ ነው። ከእንጀራ፣ ከዳቦና ከድንች የምናገኘው ስኳር ጡንቻና ጉበት ውስጥ ግላይኮጅን በሚባል መልክ ይከማቻል። እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን ወደ ሦስት ግራም ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ጡንቻ መሥራት ሲጀምር ከበፊቱ የበለጠ ስንቅ መያዝ ይለምዳል። 150 ግራም ብቻ ቢጨምር፣ ከነውሃው 600 ግራም ሆነ። አንድ ጠብታ ስብ ሳይጨመር ከግማሽ ኪሎ በላይ ማለት ነው። ሁለተኛው ደም ራሱ ነው። ስፖርት ከተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ሰውነት የደሙን ፈሳሽ ክፍል ያበዛል፤ ልብ በአንድ ምት ብዙ ደም እንዲገፋና ላብ በቀላሉ እንዲወጣ። ይህም ጥቂት መቶ ሚሊ ሊትር ይሆናል። ሦስቱን ስትደምሪ የማክሰኞው 1.4 ኪሎ ጭማሪ ምንም ምስጢር የለውም።

አሰልጣኝሽ በአንድ ነገር ትክክል ነው፤ አትደንግጪ ማለቱ። ምክንያቱ ግን ልክ አይደለም። ስብ ወደ ጡንቻ አይቀየርም። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ስብ ይቃጠላል፣ ጡንቻ ደግሞ ከምትበይው ፕሮቲን ለብቻው ይገነባል። ግንባታው አዝጋሚ ነው። ጀማሪ ሴት በደንብ እየሠራችና እየበላች በወር ግማሽ ኪሎ ያህል ጡንቻ ካገኘች በጣም ጥሩ ነው። በስምንት ቀን 1.4 ኪሎ ጡንቻ የሚያበቅል ሰው የለም። ይህን የማነሳው አሰልጣኙን ለማሳጣት አይደለም። «ጡንቻ ነው» ብለሽ ካመንሽ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ቁጥሩ ሲወርድ «ጡንቻዬ ጠፋ» ብለሽ ትጨነቂያለሽ። የመጣውም የሄደውም ውሃ ነበር።

ከሁሉም በላይ ልብ እንድትዪልኝ የምፈልገው ግን ያስደሰተሽን ቁጥር ነው። የቅዳሜው 73.4 ከሰኞው 75.3 ባላነሰ አሳስቶሻል። ሳምንቱን ሙሉ እራት ላይ እንጀራ አልበላሽም፤ ስለዚህ ስንቁ ሳስቷል፣ አብሮት የሚቀመጠው ውሃም ወጥቷል። ዓርብ ማታ በፌስታል ተጠቅልለሽ ሠርተሻል። በአንድ ሰዓት ጠንከር ያለ ስፖርት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ላብ መውጣቱ የተለመደ ነው። ከዚያ በኋላ በቂ ውሃ አልጠጣሽም። አንጀትሽም ባዶ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሚዛኑ ላይ የወጣችው የደረቀች አንቺ ነሽ። ያን ዝቅተኛ ቁጥር «እውነተኛ ክብደቴ» ብለሽ ስለያዝሽው ሰኞ ወደ ቦታሽ ስትመለሺ የወፈርሽ መሰለሽ።

ሰርጉ ላይ የሆነው ይኸው ነው። እንጀራውን፣ ዳቦውንና ለስላሳውን ጡንቻዎችሽ ባዶ ጎተራቸውን ለመሙላት ተሻሙበት፤ ውሃውም አብሮ ገባ። ወጡ ደግሞ ጨዋማ ነው። ሰውነት የጨውን መጠን አያዛባም፤ ተጨማሪ ጨው ሲገባ እሱን የሚያቀጥን ውሃ ይይዛል። ዘጠኝ ግራም ጨው፣ ማለትም አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ገደማ፣ አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ጤነኛ ኩላሊት ይህን በሁለት በሦስት ቀን ያስወጣዋል። አንቺም ሰኞ 75.3 ነበርሽ፣ ሐሙስ 74.8። ምንም ሳታደርጊ ግማሽ ኪሎ ወረደ።

ታዲያ ስቡ የት ነው? እንደጻፍሽልኝ ከሆነ የቀነስሽው የማታውን እንጀራ ነው። ምን ያህል እንደምትበዪ ስላላየሁ ለስሌት ያህል በቀን 300 ካሎሪ ቀንሰሻል እንበል። ይህ በቀን 40 ግራም ስብ ነው፤ ከአንድ እንቁላል ያነሰ። በሳምንት 270 ግራም ገደማ። ከጀመርሽበት ሰኞ እስከ ትናንት 17 ቀን ነው፤ ወደ 650 ግራም ስብ ወርዷል ማለት ነው። በዚያው 17 ቀን ውስጥ ደግሞ አንድ ኪሎ ከሩብ ያህል ውሃ ከገባ፣ ሚዛኑ የሚልሽ 74.8 ነው። ይኸው ትናንት ያየሽው ቁጥር። በርግጥ ይህን ያህል ስብ እንደወረደ ከሩቅ ሆኜ ላረጋግጥልሽ አልችልም። ማለት የምችለው፣ ስብሽ እየቀለጠ ሚዛንሽ ሊጨምር ይችላል፣ በአንቺ ቁጥሮችም ውስጥ ይህን የሚቃረን ነገር የለም። በቀን 40 ግራም የሚሄድን ነገር አንድና ሁለት ኪሎ ከሚወዛወዝ ውሃ ሥር በሦስት ሳምንት መለየት አይቻልም።

አንድ ያልነገርሽኝ ነገር አለ፦ የወር አበባሽ መቼ ነው? ከመምጣቱ በፊት ባሉት ቀናት ብዙ ሴቶች ከግማሽ እስከ ሁለት ኪሎ ውሃ ይይዛሉ፤ ጡትና ሆድ ይወጠራል፣ ቀለበት ይጠብቃል። ከመጣ በኋላ ይለቃል። የትናንቱ ሐሙስ እዚያ ሳምንት ላይ ከዋለ ከላይ ያልኩትን ሁሉ የሚያባብሰው ይህ ነው። ስለዚህ ቀኑን ቁጥሩ ጎን ጻፊው፤ የወር አበባ ሊመጣ ያለበትን ሳምንት ከባለፈው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ብቻ አወዳድሪ። ቀኑ ካለፈ ደግሞ ሚዛኑን ትተሽ የእርግዝና ምርመራ አድርጊ።

አሁን አቁሚ ወዳልኩሽ ልመለስ። ፌስታሉ ስብ አያቀልጥም። ላቡ እንዳይተን ስለሚያግደው ሰውነት መቀዝቀዝ ያቅተዋል፣ ስለዚህ የበለጠ ያልብሻል፤ ትርፉ ይኸው ነው። የወጣውን ውሃ ስትጠጪ በሰዓታት ውስጥ ይመለሳል። አደጋው ግን እውነተኛ ነው፦ መታፈን፣ ራስ ማዞር፣ መውደቅ። ውሃ መቀነሱም የምታስቢውን አያደርግም። ሰውነት ውሃ ሲያንሰው ኩላሊት ያለውን አጥብቆ መያዝ ይጀምራል፤ ሽንትሽ ይጠቁራል፣ የሆድ ድርቀት ይመጣል፣ ያም ራሱ ሚዛን ላይ ይቆጠራል። ሽንትሽ ቀኑን ሙሉ ፈዛዛ ቢጫ እስኪሆን ጠጪ። ሰው ምክር ብሎ ላሲክስ ወይም ሌላ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ቢሰጥሽ እሺ እንዳትዪ። ከውሃው ጋር ፖታሲየም ይዞ ይወጣል፤ የፖታሲየም ማነስ የልብ ምት ያዛባል። የማዝንበት ነገር ቢኖር ይህ መድኃኒት ለቅጥነት ተብሎ ከሰው ለሰው ሲቀባበሉት ማየቴ ነው።

ዲክሎፌናኩ ደግሞ በሁለት መንገድ ነው የሚጎዳሽ። እሱና እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ዘመዶቹ ኩላሊት ጨውና ውሃ እንዲያስቀር ያደርጋሉ፤ ማለትም የምትሸሺውን እብጠት ራሱ ይጨምራሉ። ይባስ ብሎ ውሃ ባነሰው ሰውነት ላይ ሲወሰዱ ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። አንቺ ደግሞ ውሃ ቀንሰሽ፣ በፌስታል ላብሽን አውጥተሽ ነው የምትወስጂው። ሦስቱ አንድ ላይ መሆናቸው ነው ያሳሰበኝ። ለሌላ ሕመም ሐኪም ያዘዘልሽ ካልሆነ ዛሬውኑ ተዪው። የታሰረ እግር ቀለል ባለ እርምጃና በጊዜ ይፈታል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ጅሬን ላይ ሕመሙ እንደሚቀንስ ራስሽ ታያለሽ፤ ጡንቻ ያንን ቁልቁለት አንዴ ከለመደ እንደ መጀመሪያው አይጎዳም። ውሃውም አብሮ ይቀንሳል።

ከዚህ በኋላ የምትመዘኚው እንዲህ ነው። የቤትሽን ሚዛን ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ላይ አንድ ቦታ አስቀምጪው፤ ምንጣፍ ላይ አይሆንም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ሽንት ቤት ገብተሽ ከወጣሽ በኋላ፣ ምንም ሳትበዪና ሳትጠጪ፣ በስስ ልብስ ተመዘኚ። በየቀኑ። ቁጥሩን ጻፊና ሚዛኑን እርሺው። እሁድ ሲመጣ ሰባቱን ደምረሽ ለሰባት አካፍይ። ለምሳሌ 74.9፣ 74.6፣ 75.0፣ 74.3፣ 74.1፣ 74.7 እና 74.4 ቢሆን ድምሩ 522 ነው፤ ለሰባት ሲካፈል 74.6 ይሆናል። የሳምንቱ ክብደትሽ ይኼ ነው፤ 75.0ም 74.1ም አይደለም። በየሁለት ሳምንቱ ደግሞ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዘሽ ወገብሽን በእምብርትሽ ትይዩ ለኪ፤ ትንፋሽሽን አውጥተሽ፣ ሆድሽን ሳትስቢ። በየቀኑ ቁጥር ማየት የሚያስከፋሽና ከምግብ የሚያጣላሽ ከሆነ ሚዛኑን አልጋ ሥር ክተቺውና በሜትሩ ብቻ ሂጂ። ሜትሩ ብቻውን ይበቃል።

ውሃን ሰበብ ማድረግ የሚቻለውም እስከተወሰነ ጊዜ ነው። ከአራት እስከ ስድስት ባሉት ሳምንታት ደሙም ስንቁም ጡንቻውም ይረጋጋሉ። ስድስተኛው ሳምንት ላይ አማካዩም ወገቡም ንቅንቅ ካላሉ ነገሩ ውሃ አይደለም፤ ምግቡ ነው። ብዙ ጊዜ እራት ላይ የተተወው እንጀራ ከሰዓት በኋላ በሚበላ ቆሎ፣ በዳቦና ስኳር በበዛበት ሻይ ተመልሶ ይገባል። ያኔ የምትበዪውን የሦስት ቀን ጽፈሽ ላኪልኝ።

ከዚህ ሁሉ ውጭ የሆነ እብጠትም አለ፤ ያ የስፖርት ውሃ አይደለም። አንድ እግር ብቻ ካበጠና ካመመሽ፣ ቁርጭምጭሚትሽን በጣት ስትጫኚው ጉድጓድ ከቀረ፣ ጠዋት ፊትሽ ካበጠ፣ ወይም ተኝተሽ ትንፋሽ ካጠረሽ ሳትቆዪ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ልብ፣ ኩላሊት ወይም የደም ሥር መታየት አለበት። ከከባድ ስፖርት በኋላ ጡንቻሽ ከልክ በላይ አብጦና አሞሽ ሽንትሽ ኮካ ወይም ጥቁር ሻይ ከመሰለ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ዕለት ሆስፒታል ግቢ። የተጎዳ ጡንቻ ወደ ደም የሚለቀው ነገር ኩላሊት ሊያቆም ይችላል።

ለመጪው እሁድ የምመክርሽ ይህን ነው። ጅሬንን በእግርሽ ውጪው፤ ስትመለሺ ግን ቁልቁለቱን ግማሹን በባጃጅ ውረጂ። በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት አራተኛውን በእግርሽ፣ ከዚያ ሙሉውን። ውሃ ያዢ፣ ፌስታሉን ቤት ተዪው። ሰኞ ጠዋት ከ74.8 በላይ ብታዪም ጻፊው እንጂ እራትሽን አትቀንሺበት። የመጀመሪያውን ንጽጽር የምታደርጊው የአራተኛውን ሳምንት አማካይ ከስድስተኛው ጋር ነው፤ ከሁለቱ አንዱ የወር አበባ ሊመጣ ያለበት ሳምንት ከሆነ ግን የሚቀጥለውን ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጠብቂ፤ እስከዚያ ድረስ አንድም ቀን ከሌላ ቀን ጋር አታወዳድሪ።